«ጨርሰሽ ሂጂ» ሲባል፦ ተለማማጅ ተማሪና የሥራ ሰዓት ወሰን

የበጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ሲዘጋ የሒሳብ ቢሮዎች ወገብ የሚቆርጥ ሥራ ይጀምራል። ነጋዴው ዓመቱን ሙሉ በፌስታልና በካርቶን ያጠራቀመውን ደረሰኝ ተሸክሞ ይመጣል። የዓመቱ ግብር ማሳወቂያ ጊዜ እስኪያልፍ፣ ለብዙዎቹም እስከ ጥቅምት 30 ድረስ፣ ጠረጴዛው ባዶ ሆኖ አያድርም። ብዙ ተማሪዎች ለተግባር ልምምድ የሚወጡትም በዚሁ ክረምት ነው። እጅ ያጠረው ቢሮና ለመማር የጓጓ፣ ታላቁን «አይሆንም» ብሎ የማያውቅ ወጣት የሚገናኙት እንዲህ ነው። ወጣቱ ደመወዝ የለውም፤ ግን ለመቆየት ሁልጊዜ ዝግጁ ይመስላል። ያለ ክፍያ ማምሸትና ከስምምነቱ ውጭ መታዘዝ የሚጀምረው በአብዛኛው ከክፋት ሳይሆን ከዚህ መገጣጠም ነው። ከክፋት አለመጀመሩ ግን ጉዳቱን አይቀንሰውም።

ነገሩን ጨበጥ ለማድረግ አንዲት የአካውንቲንግ ተማሪን እናስብ። ዩኒቨርሲቲዋ የጻፈላት የትብብር ደብዳቤ ለሁለት ወር ልምምድ እንደምትወጣ ይገልጻል። ከደብዳቤው ጋር የተያያዘው ቅጽ ሰዓቱን ከሰኞ እስከ አርብ፣ ከጠዋቱ 2፡30 እስከ 11፡00 አድርጎታል። ሥራዋም ተዘርዝሯል፦ ሰነዶችን መለየትና በፒችትሪ መመዝገብ፣ የባንክ ሒሳብ ማስታረቅ፣ ለወርሃዊ የተጨማሪ እሴት ታክስ ማሳወቂያ የግዥና የሽያጭ ዝርዝር ማዘጋጀት። ክፍያ የለውም፤ ቢሮው ምሳ ሊያበላት ተስማምቷል። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት እንደታሰበው አለፉ። በሦስተኛው ሳምንት ማክሰኞ፣ አንድ ደንበኛ ዘግይቶ ሁለት ካርቶን ደረሰኝ አመጣ። ከቀኑ 10፡45 ላይ ዋናው ሒሳብ ሠራተኛ መጥቶ፣ «የኔ ልጅ፣ ይቺን ዛሬ ጨርሰሽልኝ ሂጂ» አላት። ከቢሮ ስትወጣ ከምሽቱ 2 ሰዓት ሆኗል። ረቡዕም እንደዚያው። ሐሙስ ዕለት ደግሞ፣ «ቅዳሜ ግማሽ ቀን ትመጫለሽ አይደል?» ተባለች። ጥያቄ መምሰሉን ተዉት፤ መልሱ አስቀድሞ የታወቀ ነበር።

ይህች ተማሪ ምን መብት አላት? ብዙ ሰው ወዲያው የሚጠቅሰው የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011ን ነው። አዋጁ መደበኛ የሥራ ሰዓት በቀን ከ8፣ በሳምንት ከ48 ሰዓት እንዳይበልጥ ይወስናል። ሠራተኛ ትርፍ ሰዓት እንዲሠራ እንደማይገደድም ይናገራል። ችግሩ ያለው ሌላ ቦታ ነው። ይኸው አዋጅ በአንቀጽ 3 ለማስተማር ወይም ለማሠልጠን ተብለው የሚደረጉ ግንኙነቶችን ከተፈጻሚነቱ ውጭ ያደርጋል፤ የሚተርፈው «የሙያ መልመጃ ውል» ብሎ ለይቶ የሚጠራው ብቻ ነው። በዩኒቨርሲቲ ደብዳቤ የመጣች ተማሪ እንግዲህ በአብዛኛው ሠራተኛ ተብላ አትቆጠርም። ለማክሰኞው ምሽት የትርፍ ሰዓት ክፍያ ልጠይቅ ብትል፣ ሕጉ ቀጥተኛ መንገድ አያዘጋጅላትም።

ይህን መስማት ተስፋ ያስቆርጥ ይሆናል። እኔ ግን ተማሪዎች ቀድመው ሊያውቁት ይገባል እላለሁ፤ በሌለ መብት ተመክቶ መናገር ቢሮ ውስጥ ወዲያው ይከሽፋልና። የእሷ አጥር ያለው በደብዳቤዋ ላይ ነው። ሰዓቱ ተጽፏል፣ ሥራው ተዘርዝሯል፣ የድርጅቱ ማኅተም አርፎበታል። ሠራተኛ አለመሆኗ ደግሞ ራሱ ክርክር ነው፦ ደመወዝ የማይከፈላት ለመማር ስለመጣች ከሆነ፣ ሰዓቷ የሚለካው በምትማረው እንጂ በቢሮው ሥራ ብዛት አይደለም። ያለ ክፍያ የምትሠራው ተማሪ ስለሆነች፣ የምታመሸው ደግሞ ሠራተኛ ስለሆነች ሊባል አይችልም።

ወሰን ለማስመር ቀላሉ ቀን የመጀመሪያው ቀን ነው። ደብዳቤውን አስረክቦ የተመደቡበት ወንበር ላይ ዝም ብሎ መቀመጥ የተለመደ ነው። ከዚያ ይልቅ ከተቆጣጣሪው ጋር አምስት ደቂቃ ተቀምጦ ቅጹን አብሮ ማንበብ ብዙ ነገር ያስቀራል። «ጋሼ፣ ቅጹ ላይ እስከ 11 ሰዓት ይላል። ከዚያ በኋላ ሪፖርቴን ስለምጽፍና ቤቴም ሩቅ ስለሆነ በዚሁ ብንሄድ ይሻለኛል። ሥራ የሚበዛባቸው ቀናት ካሉ ቀደም ብለው ቢነግሩኝ እዘጋጃለሁ።» በዚያን ቀን ማንም ሥራ አላዘዘም፤ ስለዚህ ማንም እምቢ አልተባለም። ያው ንግግር በሦስተኛው ሳምንት ከቀኑ 10፡45 ላይ፣ ካርቶኑ ጠረጴዛ ላይ ከተቀመጠ በኋላ ቢነገር እንቢታ ይመስላል።

የእኛ ተማሪ ግን ይህን አላደረገችም፤ ብዙዎቹም አያደርጉትም። ስለዚህ ወደ ሐሙሱ ጥያቄ እንመለስ። ይሉኝታ ሲይዘን አብዛኞቻችን ምክንያት እንፈጥራለን፦ እናቴን አሟታል፣ ለቅሶ አለብን፣ ቤት እንግዳ ይመጣል። እንዲህ ያለው ሰበብ ለአንድ ቀን ይሠራል። በሁለተኛው ቀን ሌላ ያስፈልጋል፤ በሦስተኛው ቀን አለቃው እናትዮዋ እንዴት እንደዋሉ ይጠይቃል። ሰበብ መፍትሔም ይጋብዛል፤ «ቤቴ ሩቅ ነው» ብቻ ለምትል ተማሪ «እኔ በመኪና አደርስሻለሁ» የሚል መልስ ሊመጣ ይችላል። ይህ ደግሞ ለአንዲት ወጣት ከማምሸቱ የባሰ ጭንቀት ነው። የማያልቀው ምክንያት እውነተኛው ነው፤ እሱም በወረቀት ላይ የተጻፈው ሰዓት ነው። ትናንትም ያው ነበር፣ ነገም ያው ነው፣ ማንም ሊያስታምመው አይችልም።

ጥሩ መልስ ሥራውን አያጣጥልም፤ አለቃውንም በሰው ፊት አያሳፍርም። መጀመሪያ ሥራው አስቸኳይ መሆኑን መረዳቷን ትናገራለች። ቀጥላ የምትችለውን በቁርጥ ታስቀምጣለች። በመጨረሻ ሥራው የሚያልቅበትን መንገድ ታቀርባለች። ተማሪዋ ለቅዳሜው እንዲህ ልትል ትችላለች፦ «ጋሼ፣ የደንበኛው ነገር እንዳስጨነቀዎት አይቻለሁ። ቅዳሜ ግን አልችልም፤ ፕሮግራሜ እስከ አርብ ነው፣ ቅዳሜን ለሪፖርቴ ይዤዋለሁ። የሐምሌን ደረሰኝ ዛሬ እስከ 11 እጨርሳለሁ፣ የነሐሴውን ነገ ጠዋት ቀድሜ እጀምራለሁ። ከሁለቱ የትኛው ይቅደም?» የመጨረሻዋ ጥያቄ ቀላል ትመስላለች፤ ግን ብዙ ትሠራለች። ውይይቱን «ትመጫለሽ ወይስ አትመጪም» ከሚለው አውጥታ «በዚህ ሰዓት ውስጥ ምን ይሠራ» ወደሚለው ትወስደዋለች። ቅደም ተከተሉን የሚወስነው አለቃው ነው፤ ክብሩም አልተነካም። «አልችልም» የሚለው ቃል መሐል ላይ በግልጽ መቀመጡንም ልብ ይበሉ። «እስቲ አያለሁ»፣ «ከቻልኩ» የሚሉ መልሶች ጨዋ ይመስላሉ፤ ሰሚው ግን «ትመጣለች» ብሎ ይይዛቸዋል። ቅዳሜ ስትቀር እንደቃል አፍራሽ የምትታየውም በዚህ ነው።

አለቃው አንዴ ደግሞ ቢጠይቅስ? አዲስ ምክንያት መጨመር አያስፈልግም። ምክንያት በበዛ ቁጥር እያንዳንዱ ለክርክር ይቀርባል። ያንኑ ቃል፣ በዚያው ለስላሳ ድምፅ መድገም ይበቃል፦ «ይቅርታ ጋሼ፣ ቅዳሜ አልችልም። አርብ ጠዋት 2 ሰዓት ላይ እዚህ እሆናለሁ።» ቀድሞ መምጣትን ማቅረብ ለእሷ ይሻላታል፤ ጠዋት ታክሲ ይገኛል፣ መንገዱም ብርሃን ነው። ምሽት 2 ሰዓት ላይ ሰልፍ ይዞ መቆም ለሴት ተማሪ የድካም ጉዳይ ብቻ አይደለም። «ከመሸ መንገዱ ያስፈራኛል» ማለትም ሰበብ ሳይሆን ሙሉ ምክንያት ነው፤ በግልጽ ሊነገር ይገባዋል።

ሁልጊዜ 11 ሰዓት ሲሞላ ቦርሳ ማንሳት ግን ትክክል አይመስለኝም። በዚህ ሙያ አንዳንድ ትምህርት የሚገኘው ከሰዓት ውጭ ነው። ለምሳሌ የዓመት መጨረሻ የንብረት ቆጠራ የሚካሄደው ሰኔ 30 አካባቢ፣ መጋዘኑ እንቅስቃሴ ሲያቆም ነው፤ ይህም ብዙ ጊዜ ምሽት ወይም ቅዳሜ ይሆናል። በመጋዘን ውስጥ ካርዱንና ዕቃውን እያመሳከሩ መቁጠር፣ ልዩነት ሲገኝ ከየት እንደመጣ መከታተል፣ በክፍል ውስጥ የማይገኝ ነገር ነው። ለዚህ አንድ ቅዳሜ መስጠት ያዋጣል። አምስት መቶኛውን ደረሰኝ መመዝገብ ግን ከመቶኛው የተለየ ምንም አያስተምርም። ተማሪዋ ራሷን ልትጠይቅ የሚገባት ይህን ነው፦ ዛሬ ባመሽ ነገ የማላውቀውን ምን አውቃለሁ? መልሱ «ምንም» ከሆነ፣ ቢሮው ከሚከፈለው ሰው ጎሎበት የእሷን ምሽት እየተጠቀመ ነው።

ለመቆየት ስትወስንም ቆይታው ስም ሊኖረው ይገባል። «ዛሬ ለቆጠራው እስከ 1 ሰዓት እቆያለሁ። አርብ ከሰዓት በምትኩ ለሪፖርቴ ብወጣ ይቻላል?» ብሎ አስቀድሞ መጠየቅ ይቻላል። ዝም ተብሎ የተሰጠ ምሽት በሁለተኛው ሳምንት ልማድ፣ በሦስተኛው ደግሞ ግዴታ ይሆናል። ለዚያ ምሽት ገደብና ምትክ ከተጠየቀ ግን ሁለቱም ወገኖች ልዩ ቀን እንደነበረ ያስታውሳሉ።

ከስምምነቱ ውጭ ያለ ሥራ ከሰዓቱ ይልቅ ያስቸግራል፤ ባህላችን ውስጥ በጣም ስለሚገባ። ታናሽ ታላቁን ያስተናግዳል፣ ይላላካል፤ ቡና ሲፈላ ተነሥቶ ይቀዳል። ማንም ይህን አሳፋሪ አያደርገውም፤ ተማሪዋም አንድ ቀን ቡና ስላቀረበች የጎደላት የለም። ችግሩ የሚመጣው መላላኩ የሥራ ድርሻዋ ሲሆን ነው፦ በየቀኑ 4 ሰዓት ላይ ቡና ማፍላት፣ የአለቃውን ልብስ ከላውንደሪ ማምጣት፣ የቤቱን የመብራት ሂሳብ ለመክፈል መሰለፍ። ከእሷ ጋር የመጣው ወንድ ተማሪ ፒችትሪ ላይ ተቀምጦ እሷ ብቻ ስኒ የምታጥብ ከሆነ ደግሞ፣ ጉዳዩ ከጨዋነት ወጥቷል። የምሥክር ወረቀቱ ላይ ሁለቱም እኩል ሁለት ወር ይጻፍላቸዋል፤ የተማሩት ግን እኩል አይሆንም።

መልእክት ሁሉ አንድ ዓይነትም አይደለም። ወደ ገቢዎች ቅርንጫፍ ሄዶ ማሳወቂያ ማስገባት፣ የባንክ መግለጫ ተቀብሎ መምጣት፣ ደንበኛ ቤት ሄዶ የጎደለ ደረሰኝ መሰብሰብ ቅጹ ላይ ባይጻፍም ከሙያው ጋር የተገናኘ ነው። ተማሪዋ እንዲህ ያለውን በደስታ መቀበልና ከመሄዷ በፊት «ይህ ሰነድ ለምን ይፈለጋል?» ብላ መጠየቅ ትችላለች፤ እንዲህ ስታደርግ መላላኩ ትምህርት ይሆናል። ለሌላው አለቃውን ሳይጋጩ ወደ ቅጹ መመለስ ይቻላል፦ «ጋሼ፣ ከቅጹ ላይ የባንክ ማስታረቁን ገና አልነካሁትም፤ አድቫይዘሬ ሲመጣ የሚጠይቀኝ እሱን ነው። ጠዋት ጠዋት እሱን እንድሠራ ቢፈቅዱልኝ፤ ቡናውን ደግሞ ከእገሌ ጋር ተራ ብንይዝ?» ተራ መያዝ ሁሉም የሚያውቀው ሥርዓት ስለሆነ ማንንም አያስቆጣም። ተማሪዋም ቡናውን ንቃ አልተወችም።

ልስላሴ የማይገባባቸው ትእዛዞችም አሉ። በሒሳብ ቢሮ ውስጥ ተማሪ ጥሬ ገንዘብ ይዛ ባንክ እንድትሄድ፣ ያልተቀበለችውን ዕቃ «ተረክቤያለሁ» ብላ እንድትፈርም፣ ያለፈ ቀን ጽፋ ሰነድ እንድታዘጋጅ፣ በሌላ ሰው የይለፍ ቃል ገብታ የታክስ ማሳወቂያ እንድትልክ ልትጠየቅ ትችላለች። ገንዘቡ መንገድ ላይ ቢጠፋ፣ ወይም ሰነዱ በኦዲት ጊዜ ቢጠየቅ የሚገኘው የእሷ ፊርማ ነው። ተለማማጅ ለገንዘብና ለፊርማ ኃላፊነት አልተሰጣትም፤ ዋስም የላትም። እዚህ ላይ ምትክ ሰዓት ወይም ተራ ማቅረብ አያስፈልግም። «ጋሼ፣ ይህን መፈረም አልችልም፤ ተማሪ ስለሆንኩ የትምህርት ክፍሌም አይፈቅድልኝም» ብሎ ቆም ማለት፣ በዚያው ዕለትም ለአማካሪ መምህር መንገር ነው። ያደረገችው ከሆነ በኋላ ከመናገር፣ ከማድረጓ በፊት መናገሩ ለሁሉም ይሻላል።

ከዚህ ሁሉ ጋር የሚሄድ አንድ የጽሑፍ ልማድ አለ። አብዛኞቹ ትምህርት ክፍሎች ለተለማማጆች ሎግቡክ ይሰጣሉ፤ ቀኑን፣ የተሠራውን ሥራና የተቆጣጣሪውን ፊርማ ይይዛል። ብዙ ተማሪ በልምምዱ መጨረሻ፣ በአንድ ምሽት፣ ከትዝታው ይሞላዋል። እንዲህ የተሞላ ሎግቡክ ምንም አያስረዳም። በየዕለቱ ሦስት መስመር መጻፍና አርብ አርብ ማስፈረም ግን ሌላ ነገር ነው፦ «ማክሰኞ፦ ደረሰኝ መለየትና መመዝገብ፣ 2፡30–11፡00። ተጨማሪ ምዝገባ፣ 11፡00–2፡00 ምሽት።» ስሜትም ወቀሳም የለበትም። ተቆጣጣሪው ለመፈረም ሲያነበው ስንት ምሽት እንዳስመሻት ራሱ ያያል። ብዙ ደኅና አለቃ የሚያስመሸው ቆጥሮት ስለማያውቅ ነው፤ በወረቀት ሲያየው ይደነግጣል። በቃል የተስማሙትን ደግሞ በቴሌግራም በአጭሩ ማረጋገጥ ይጠቅማል፦ «ጋሼ፣ እንደተነጋገርነው የሐምሌውን ዛሬ ጨርሻለሁ። አርብ ከሰዓት ለሪፖርቴ እወጣለሁ። አመሰግናለሁ።» በኋላ «መቼ ተባባልን?» የሚል ነገር ቢነሣ መልእክቱ ይመሰክራል።

ንግግሩ ባይሠራስ? እውነቱን ለመናገር አንዳንድ ቦታ አይሠራም። ተማሪዋን የሚይዛት ፍርሃት የግምገማ ቅጹ ነው። በልምምዱ መጨረሻ ተቆጣጣሪው ስለ ሰዓት አክባሪነቷ፣ ስለ ተባባሪነቷ፣ ስለ ሥራ ፍላጎቷ ነጥብ ይሰጣል፤ ነጥቡም ውጤቷ ውስጥ ይገባል። «ተባባሪ አይደለችም» የምትል አንዲት ዓረፍተ ነገር ትጎዳታለች። ስለዚህም ነው ነገሩ የከፋው በመጨረሻው ሳምንት ቢሆንም፣ ለትምህርት ክፍሉ መንገር ያለባት በሦስተኛው ሳምንት ነው። ቀድማ ከነገረች፣ የኋላው መጥፎ ነጥብ ከየት እንደመጣ መምህሩ ያውቃል። ተማሪዎችን የሚልከው የዩኒቨርሲቲና ኢንዱስትሪ ትስስር ክፍል ወይም አማካሪ መምህሩ ቢሮውን ሊጎበኝ ይችላል፤ ሊደውልም ይችላል። መምህሩ «ተማሪዋ አማረረች» ሳይል፣ «የተማሪዎቻችን ሰዓት እስከ 11 መሆኑን ለማስታወስ ነው፤ የባንክ ማስታረቅ ላይም እንዲያግዟት እንፈልጋለን» ቢል በቂ ነው። ቢሮው በሚቀጥለው ዓመትም ተማሪ ይፈልጋል፤ ዩኒቨርሲቲውን ማስቀየም አይሻም። ተማሪዋ ብቻዋን የሌላትን ክብደት ዩኒቨርሲቲው አለው።

ለመምህሩ ስትነግርም «እያሰቃዩኝ ነው» ከማለት የሎግቡኩን ገጽ ፎቶ አንሥቶ መላክ ይሻላል፦ በሁለት ሳምንት ስንት ምሽት እንዳመሸች፣ ምን እንደሠራች፣ ከቅጹ ውስጥ ምን እንዳልነካች። መምህሩ በአንድ እይታ ይረዳል፤ ወደ ሌላ ድርጅት ማዛወር ቢያስፈልግም የሚያቀርበው ነገር ያገኛል። ማዛወር የሚከብደው ጊዜው ሲያልቅ ነው። ሁለት ወር ካለው ልምምድ ሦስት ሳምንት ብቻ ሲያልፍ ግን ገና ይቻላል።

እስካሁን ያልነው በትምህርት ቤት ደብዳቤ ለመጣ ተማሪ ነው። አሠሪው ራሱ በሙያ መልመጃ ውል የተቀበለው ለማጅ የተሻለ ጥላ አለው። አዋጁ ይህ ውል በጽሑፍ እንዲሆን፣ የሥልጠናውን ዓይነትና ጊዜ፣ የሚከፈለውን አበልና የሥራውን ሁኔታ እንዲገልጽ ያዛል። ለማጁን ከሥልጠናው ጋር ግንኙነት በሌለው፣ ለሥልጠናውም በማይረዳ ሥራ ላይ ማሰማራትን በግልጽ ይከለክላል። ውሉ ሲያበቃም አሠሪው የሠለጠነበትን ሙያና የቆየበትን ጊዜ የሚገልጽ የምሥክር ወረቀት መስጠት አለበት። መኪና ጥገና ለመማር ገብቶ ወራቱን ሁሉ የአለቃውን ቤት ሲጠብቅ የኖረ ለማጅ እንግዲህ የሚጠቅሰው የሕግ ቃል አለው፤ አቤቱታውንም ለሥራና ክህሎት ቢሮ የሥራ ሁኔታ ቁጥጥር ሊያቀርብ ይችላል።

ሦስተኛውና በየከተማው የምናየው ጉዳይ ደግሞ የተመረቀው ወጣት ነው። ዲግሪውን ይዞ ይመጣል፤ «ለሦስት ወር በኢንተርንነት ያለ ደመወዝ እንይህ» ይባላል። በየዕለቱ እንደማንኛውም ሠራተኛ ይገባል፣ ይታዘዛል፣ ለደንበኛ የሚሸጥ ሥራ ይሠራል፤ የሚያሠለጥነው ሰው ግን የለም። እዚህ ላይ ስሙ ምንም ይሁን፣ ሥራው ራሱ የሥራ ውል ይመስላል። አዋጁ ሠራተኛን የመሞከሪያ መንገድ አበጅቷል፦ በጽሑፍ የሚደረግ፣ ከ60 የሥራ ቀናት የማይበልጥ የሙከራ ጊዜ። በሙከራ ላይ ያለ ሠራተኛ ደግሞ ሙከራውን ከጨረሰው ጋር ተመሳሳይ መብት አለው፤ ደመወዙም በዚያ ውስጥ ነው። ስለዚህ ይህ ወጣት በጨዋነት ሊጠይቅ የሚችለው ጥያቄ፣ «በሙከራ ጊዜ ውል ልንጀምር እንችላለን?» የሚል ነው። አሠሪው የሚፈልገው በእርግጥ ችሎታውን ማየት ከሆነ፣ ሕጉ ያንኑ ይፈቅድለታል።

ውሉ ካለ የትርፍ ሰዓቱ ሒሳብም ግልጽ ነው። አዋጁ ትርፍ ሰዓትን የሚፈቅደው ለአደጋ፣ ከአቅም በላይ ለሆነ ነገር፣ ለአስቸኳይ ሥራና ያለማቋረጥ በሚሠራ ሥራ ላይ የቀረን ሠራተኛ ለመተካት ነው፤ በቀን ከ4፣ በሳምንት ከ12 ሰዓት ሊበልጥ አይችልም። ዓመቱን ሙሉ ቀኑ የሚታወቅ የግብር ማሳወቂያ በየምሽቱ «አስቸኳይ» መባሉ ለእኔ አይዋጥልኝም፤ ብዙ ቢሮ ግን እንዲሁ ይጠራዋል። ለምሳሌ የወር ደመወዙ 10,400 ብር የሆነ ጀማሪ፣ ወሩ ብዙ ድርጅቶች እንደሚያደርጉት በ208 ሰዓት ቢካፈል፣ በሰዓት 50 ብር ያገኛል። ከንጋቱ 12 ሰዓት እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት ባለው ጊዜ የሚሠራ ትርፍ ሰዓት አንድ ተኩል እጥፍ ነው፤ ስለዚህ ከ11 እስከ 1 ሰዓት ምሽት ቢያመሽ 150 ብር ይገባዋል። በሳምንታዊ ዕረፍቱ ቀን አምስት ሰዓት ቢሠራ ደግሞ በእጥፍ 500 ብር ነው። ከምሽቱ 4 ሰዓት በኋላ 1.75፣ በሕዝብ በዓል 2.5 እጥፍ ይታሰባል።

ይህን ሒሳብ የሚይዝ ወጣት የማስታወሻ ደብተሩን ብቻ ሳይሆን የቀን መቁጠሪያውንም መመልከት አለበት። የትርፍ ሰዓት ክፍያ ከደመወዝ ቀን ማለፍ የለበትም፤ ያልተከፈለን ደመወዝና ትርፍ ሰዓት የመጠየቅ መብት ደግሞ መከፈል ከነበረበት ቀን ጀምሮ በ6 ወር ውስጥ ካልቀረበ በይርጋ ይታገዳል። በመስከረም ያመሸበት ምሽት መስከረም 30 ሊከፈለው ይገባ ከነበረ፣ «ሥራው ቋሚ ሲሆን ይታሰብልሃል» እየተባለ ቢጠብቅ፣ መጋቢት 30 ካለፈ በኋላ ስለዚያ ምሽት የሚጠይቅበት በር ይዘጋበታል።